አጎትነት በማኅተም

ድሮ ዘመድ «እኔ አለሁ» ካለ ልጁ ይማር ነበር። ዛሬ «እኔ አለሁ» የሚባለው በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ከባንክ ወረቀት ጋር ተያይዞ ነው።

የእህቴን ልጅ አሜሪካ ያለ ኮሌጅ ተቀበለው። የላኩለት አይ ትዌንቲ የዓመቱን ወጪ 28,000 ዶላር ይላል። 10,000ውን ኮሌጁ በስኮላርሺፕ ችሏል፤ 18,000ው የኔ ዕዳ ነው። እኔም የስፖንሰርነት ደብዳቤውን በወጉ ጻፍኩ፦ «እግዚአብሔር ካለ፣ ካለኝ ሁሉ አልሰስትለትም።» የትርጉም ቤቷ ልጅ አንብባ ሳቀች። «አባባ፣ ‹ካለኝ ሁሉ› ስንት ነው? እግዚአብሔር ባይልስ ቢሉ ምን እንመልሳለን?» ብላ ሁለቱንም ሰረዘች። በቦታው ስሜን፣ ሥራዬን፣ ዝምድናዬን፣ እስኪመረቅ በየዓመቱ 18,000 ዶላር እንደምከፍል አሰፈረች። ቁጥሩ ከአይ ትዌንቲው ዝቅ ካለ ጎዶሎውን ማን ይሞላል ይባላል አለችኝ።

ለመሆኑ ይህ ገንዘብ ስንት ብር ነው? ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ይመራ ከመባሉ በፊት፣ ዶላር ባንክ ውስጥ 57 ብር ሳለ፣ አንድ ሚሊዮን ከምናምን ይበቃ ነበር። ዛሬ በ100 ብር እንኳ ብናስበው 1,800,000 ነው፤ ምንዛሬው ደግሞ ከ100 ካለፈ ቆይቷል። እኔ ሳልደኸይ ደብተሬ ደኸየ።

ደግነቱ እቁብ ወጣልኝና 600,000 ብር አስገባሁ። ይኼ ደግሞ ሌላ ጣጣ! የስድስት ወር የሒሳብ መግለጫው ላይ ብሩ ቀስ እያለ ሲገባ ሲወጣ ከርሞ፣ በመጨረሻው ሳምንት ዘጭ ሲል ለማሳያ የተበደርኩት ይመስላል አሉኝ። ምንጩን በደብዳቤው ላይ ማስረዳት ነበረብኝ። የእቁባችን ዳኛ ደረሰኝ የለው፣ ማኅተም የለው፤ ያለው በእስክሪብቶ የተሞላ ደብተር ብቻ! ጽፎ ፈረመልኝ፤ ከንግድ ፈቃዴና ከግብር ክሊራንሴ ጋር አያያዝኩት።

አጎትነቴም ምስክር ተፈለገበት። ልጁ የሚጠራው በአባቱ ስም፣ እኔ በአባቴ፤ ወረቀት ላይ ምን ያገናኘናል? የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት እናቱን ያሳያል፤ የእናቱና የኔ ደግሞ አንድ አባት። እኔ ግን ወረቀት ከየት ላምጣ? ወረዳ ሄጄ ከነሽበቴ የልደት ሰርተፍኬት ወጣልኝ።

ይህ ሁሉ ተሸክፎ ልጁ ኤምባሲ ገባ። መስኮቱ ላይ የቆመው ሰውዬ ፋይሉን ሳይገልጥ «የሚከፍልልህ ማነው? ምን ይሠራል?» አለው። የኔ ጌታ «አጎቴ ነጋዴ ነው» አለ። «ምን ይነግዳል?» ሲባል ዝም! የሱቄን በርበሬ በልቶ ያደገ ልጅ ምን እንደምሸጥ ጠፋው! ቪዛ ተከልክሎ ተመለሰ። እንደገና እስኪቀርብ ድረስ በርበሬ ሚዛን ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ኪሎውን፣ ዋጋውንና የዓመት ገቢዬን በቃሉ ሳይወጣ እራት የለም።