ናይሮቢ ወይስ ዱባይ?

ፓስፖርታችን ከወጣ ወዲህ ቤታችን በሁለት ፓርቲ ተከፍሏል። ባለቤቴ ዱባይ፣ እኔ ናይሮቢ። በሽምግልና የተጠራው ወንድሟ ሁለቱንም ይደግፋል፤ ወጪው የእኔ እስከሆነ ድረስ።

የዓመት ፈቃዳችን ነሐሴ ላይ ነው። የጉዞ ወኪሉ የዱባዩን ትኬትና ሆቴል ደምሮ ሲነግረን ባለቤቴ እንዳሸነፈ ሰው አየችኝ፤ ዋጋው ከፈራነው በታች ነበር። ለምን እንደረከሰ ግን ወኪሉ አልነገረንም። በነሐሴ የዱባይ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከባሕሩ የሚነሳው ወበቅ ደግሞ አለ። ሆቴሎቹ ዋጋ የሚቀንሱት እንግዳ ስለሚሸሻቸው ነው።

«ቪዛውስ?» አልኩት።

«እናንተ ብቻ ክፈሉ፤ እሱን ለእኛ ተዉት።»

«ቢከለከልስ? ገንዘቡ ይመለሳል?»

በዚያች ደቂቃ ስልኩ ጠራ።

ስልኩ ያልመለሰልንን እኔው ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የቪዛ ማመልከቻ ክፍያ በተለምዶ ተከለከልክ ተብሎ አይመለስም፤ ርካሽ ትኬትም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ወይ ቪዛው እስኪወጣ ትኬት ሳይገዙ መጠበቅ ነው፣ ያኔ ዋጋው ይወጣል፤ ወይ ገንዘቡ የሚመለስ ውድ ትኬት መግዛት ነው። ያ ጭማሪ በየትኛውም ማስታወቂያ ላይ የማይጻፍ የቪዛ ወጪ ነው። ኬንያ ግን ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አትጠይቅም። በረራውም ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ የዱባዩ አራት ይሆናል።

ይህን ጊዜ ሽማግሌያችን ነቃ አለ። «ታዲያ በሞያሌ በአውቶቡስ ብንሄድ አይረክስም?» ትኬቱ ይረክሳል። መንገዱ ግን 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአንድ ሳምንት ፈቃድ ደርሶ መልሱ ብቻ አራቱን ቀን ይበላዋል።

አሸነፍኩ ብዬ ሳበቃ ባለቤቴ ማሳይ ማራን አመጣች። ነሐሴ የዱር እንስሳቱ መንጋ ወንዝ የሚሻገርበት ወቅት ነው፤ የመግቢያው ዋጋም አብሮ ይሻገራል። ለውጭ አገር ጎብኚ በፈረንጆቹ ከ2024 ወዲህ ለአንድ አዋቂ በቀን ከጃንዋሪ እስከ ጁን 100 ዶላር የሆነው፣ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር 200 ዶላር ይሆናል። ሁለት ሰው ለሁለት ቀን 800 ዶላር፤ መኪናና ማደሪያው ገና ነው። ናይሮቢ ረከሰች ያልኩት ማራን ሳልደምር ነበር ማለት ነው። ደግነቱ አንበሳና አውራሪስ ከከተማዋ ጫፍ ባለው የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክም አሉ። የዱር ዝሆን ግን የለም፤ ባለቤቴ ይህንን ሁለት ጊዜ አስመዝግባለች።

ናይሮቢ ጸደቀች። ወንድሟም «እኔም እመጣለሁ» አለ። ቢጫ ካርድ አለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው «የምን ካርድ?» አለኝ። የቢጫ ወባ ክትባት ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ሰርተፊኬቱ የሚጸናው ግን ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። የእኛ በረራ ከዚያ ይቀድማል።

ዱባይን ለጥር ቀጥረናታል። ያኔ አየሩ ደስ ይላል፤ ሆቴሉም ያንን ያውቃል።