ፌሮ ውስጥ የሚቀር ድምፅ

የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ክፍሎቹን የሚለያየው ብሎኬት ነው። ከደረጃው በኩል ያለው ግድግዳ ግን ሌላ ነው፤ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ ፌሮ የታሰረበት ሙሉ ኮንክሪት። ሥዕል ሊሰቅል ሚስማር የመታበት ሰው ልዩነቱን አይረሳውም። በሩ ደግሞ ብረት ነው። ኩሽና ውስጥ ላለ ሰው የበር መንኳኳት አይሰማውም፤ መጥሪያ የግድ ሆነብን።

ከመርካቶ ገመድ አልባውን አመጣሁ። ካርቶኑ ላይ 150 ሜትር ይላል፤ ሻጩም ሱቁ ውስጥ ተጭኖ አስጮኸልኝ። መጫኛውን በሩ የብረት ፍሬም ላይ ለጠፍኩት፣ የሚጮኸውን ሳጥን ኩሽና ሶኬት ላይ ሰካሁት። በዚያው ሳምንት አክስቴ ከደብረ ብርሃን መጡ። ደጋግመው ቢጫኑ መልስ የለም፤ ባለቤቴ እኮ ውስጥ ሽንኩርት እያቁላላች ነበር። አክስቴ ጎረቤት ገብተው ቡና ሲጠጡ አገኘኋቸው። «የላችሁም ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። ያን ያህል መንገድ የመጣ ትልቅ ሰው ደጅ ላይ መቆሙ እስካሁን ያንገበግበኛል።

መጀመሪያ የተጠረጠረው የመጫኛው ባትሪ ነበር፤ በአዲስ ቢቀየርም ኩሽናው ዝም አለ። መጫኛውን ከፍሬሙ ነቅዬ በእጄ ይዤ ስጫነው ግን ጮኸ! ለካ ብረት ላይ የተለጠፈ አንቴና ጉልበቱ ይቀንሳል። ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው እንጨት ከሥሩ አደረግሁለት። ከዚያ በሩን ስዘጋው እንደገና ጠፋ። ነገሩ የተገለጠልኝ ያኔ ነው፤ ሞገዱ ድሮም ግድግዳውን አልፎ አልነበረም የሚመጣው፣ በተከፈተው በር እየገባ እንጂ። ስለዚህ ገመድ አልባ መጥሪያ የሚሞክር ሰው ግድግዳ ከመብሳቱ በፊት በሩን ዘግቶ፣ ሳጥኑን ክፍል ለክፍል እያዞረ ይሞክረው። ካርቶኑ ላይ ያለው ሜትር የሜዳ ልክ ነው። ኩሽናችን ደግሞ ከበሩ በሰያፍ ነው ያለው፤ ሞገድ ግድግዳን በሰያፍ ሲመታ ፊት ለፊት ከመታው ይበልጥ ይዳከማል።

ሳጥኑን ሳሎን፣ በሩ አጠገብ ሳደርገው ይሰማል። ግን ሶኬት ላይ የሚሰካ ነውና መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሳጥኑም በባትሪ የሚሠራ ዓይነት አለ፤ እሱ ደግሞ ቀን ከሌት እያዳመጠ ስለሚቆይ ባትሪ ይበላል። መጫኛው ሲነኩት ብቻ ነው የሚነቃው።

በመጨረሻ የጠራሁት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነገሩን በአንድ አፍታ ፈታው። «ጋሼ፣ ሁለት ጥያቄ ነው የተደባለቀው። ምልክቱ በምን ያልፋል የሚለው አንድ ነው፤ ኃይሉን ከየት ያገኛል የሚለው ሌላ። ገመድ ያለው ሁሉ የግድ ከመብራት አይደለም የሚሠራው።»

ከበሩ ጎን ቀለም የተቀባ ክዳን ነበር፤ ሲከፍተው ግንበኞቹ የተዉት ቱቦ ወጣ። ሽቦ ሰደደበት፣ ሳሎን ላይ ብቅ አለ። በ220 ቮልት በቀጥታ የሚሠራውን መጥሪያ አልፈለገውም፤ መጫኛው ከተሰበረ ደረጃ ላይ የሚጫወት ሕፃን ጣቱን ይከትበታል ብሎ። ልክ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ወደ 8 ያወርደዋል፣ አደጋው ይቀራል፤ መብራት ሲሄድ ግን ያው ነው። እሱ የመረጠልን ገመድ ያለው፣ ነገር ግን በባትሪ የሚሠራ መጥሪያ ነው። አራት ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ተከታትለው ይገቡበታል፤ በሽቦው የሚሄደው 6 ቮልት ብቻ ነው። ለኮንክሪት ቤት ከዚህ የሚበልጥ አላየሁም። ሽቦው በቱቦው ስለሚያልፍ ፌሮው አያግደውም። ኃይል የሚወስደው ሲጫኑት ብቻ ስለሆነም ባትሪው ይከርማል። ሲደክም ደግሞ ድምፁ ቀስ በቀስ እየሳሳ ያሳውቃል። ገመድ አልባው ግን ባትሪው ሲደክም የሚደርስበት ርቀት ነው የሚያጥረው፤ ቤት ውስጥ ያለ ሰው በምን ያውቃል? አዲሱ የሚፈልገው አንድ ጥንቃቄ መጫኛው ተጭኖ እንዳይቀር ማየት ነው፤ ያን ጊዜ አራቱም ባትሪ ባዶ ይሆናል።

ከላይ ያለችው ጎረቤታችን አይታ እሷም ፈለገች። የእሷ ቱቦ ግን ሲሚንቶ ገብቶበት ሽቦው መሃል ላይ ቆመ፤ ኮንክሪቱን ልብሳ ብትል ደግሞ ድሪሉ ፌሮ ያገኛል። ለእሷ ገመድ አልባው ይሻላል፤ መጫኛው ከብረቱ ርቆ፣ በባትሪ የሚሠራው ሳጥን በሩ አጠገብ ሆኖ። ለመኝታ ቤት ሁለተኛ ሳጥን ልትገዛ አስባ ነበር፤ እንደ ብዙዎቹ ተራ ሳጥኖች ከሆነ ግን ምልክቱን ከመጀመሪያው ሳጥን አይቀበልም፣ ከመጫኛው በቀጥታ ነው የሚሰማው። መኝታ ቤቱ ያልደረሰ ምልክት ለሁለተኛውም ሳጥን አይደርሰውም። እናም ገንዘቡን ድምፁ ከፍ ባለ አንድ ሳጥን ላይ አዋለችው።