ጣት የማያርፍበት ባዮ

የአክስቴ ልጅ አስጎብኚ ነው። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ቅዳሜና እሁድ ወደ ጋራው የሚወጣው ሰው ስለበዛ፣ ልጁም ፈረንሳይ ለጋሲዮን ተወልዶ ያደገ በመሆኑ፣ የእግር ጉዞ እየመራ እንጀራውን ይጋግራል። ኢንስታግራም ላይ ገጽ ከፈተና ባዮ ቸገረው። የተፈቀደለት 150 ፊደል ነው፤ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። ቤቱ ውስጥ ግን ሦስት ረቂቅ ተዘጋጀ።

አንደኛውን ራሱ ጻፈው፦ «ተፈጥሮን አፍቃሪ፣ ታሪክን አክባሪ፣ ሕልመኛ የእንጦጦ ልጅ። ጉዞ ሕይወት ነው!» ሁለተኛው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡት የጋሼ ነው፦ «በሥራው ምስጉን፣ ታታሪና ተግባቢ የሆነ ባለሙያ አስጎብኚ። በቴሌግራም ይጻፉ።» ሦስተኛው የታናሽ እህቱ፦ «የካ ዋሻ ሚካኤልንና እንጦጦን በእግር አስጎበኛለሁ። ቅዳሜና እሁድ 12፡30 ከመገናኛ እንነሳለን። በአማርኛና በእንግሊዝኛ።»

በስሜት ሲመረጥ ውጤቱ ከመጀመሪያው ይታወቅ ነበር። አክስቴ የልጇን ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጋሼ የራሳቸውን አሞገሱ። የእህትየውን «የአውቶቡስ ጣቢያ ማስታወቂያ» ብለው አጣጣሉት። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ እኛ ልጁን እናውቀዋለን። «ሕልመኛ» ሲል ከሚካኤል ጀርባ ያለውን አቋራጭ በጨለማ እንኳ እንደማይስት ትዝ ይለናል፤ የጎደለውን ከራሳችን እንሞላለን። ባዮውን የሚያነበው መንገደኛ ግን የሚሞላበት የለውም።

ስለዚህ ረቂቆቹን ገልብጬ አስቀመጥኩና መጀመሪያ ጥያቄዎቹን እንጻፍ አልኩ። ቅደም ተከተሉ ቀልድ አይደለም፤ ረቂቁን እያዩ መመዘኛ ያወጡ እንደሆነ መመዘኛው በወደዱት ረቂቅ ልክ የተሰፋ ሱሪ ይሆናል። ስድስት ጥያቄ ወጣ፦ ምን ይሠራል? የት? መቼ? አንባቢው ቀጥሎ ምን ያድርግ? ሌላ ሰው የራሱን ስም ቢለጥፍበት አልሄድ ይላል? በ150 ፊደል ያልቃል? የመጨረሻው ወዲያው ተሰረዘ፤ ሦስቱም ስላለፉት ማንንም ከማን አይለይም። (ፊደላችን እዚህ ላይ ባለውለታችን ነው፤ እንግሊዝኛ በሁለትና በሦስት የሚጽፈውን ድምፅ እኛ በአንድ እንገላገለዋለን።)

ከዚያ ጭቅጭቁ ተጀመረ። አክስቴ «ግማሽ ስጡት» አለች። ግማሽ የለም፤ መልሱ አለ ወይም የለም ነው፤ አለ የሚል ሰው ጣቱን ቃሉ ላይ ያሳርፍ ተባለ። ጋሼ «ምን ይሠራል» ሲባሉ «አስጎብኚ» ላይ ጣታቸውን በኩራት አሳረፉ። «የት» ሲባሉ ጣታቸው ከ«ምስጉን» ወደ «ታታሪ»፣ ከ«ታታሪ» ወደ «ተግባቢ» ሄደና ተመልሶ ኪሳቸው ገባ። «ሌላ ሰው ስሙን ቢለጥፍበት?» ላይ ደግሞ እህትየው የጎረቤታችንን የጥርስ ሐኪም ስም ለጥፋ «አስጎብኚ»ን በ«ሐኪም» ተካችው፤ ያለ እንከን ሄደ። በአንደኛው ረቂቅ ጣት «እንጦጦ» ላይ ብቻ አረፈ።

ድምሩ አንደኛው 1፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 4 ሆነ። እህትየው ልታጨበጭብ ስትል ያስቆማት ራሱ ድምሩ ነው። አራት ያገኘው ረቂቅ የጎደለው አንድ ነገር «ቀጥሎ ምን ያድርግ» ሲሆን፣ እሱ ከሌለ ሌላው ሁሉ በከንቱ ነው፤ እንግዳው ተደንቆ ስልኩን ይዘጋል። ሁሉም ጥያቄ እኩል እንደማይመዝን ድምር አይናገርም። አንዳንዱ ካልተመለሰ ረቂቁ የሚወድቅበት ነው፤ ያን ከመደመር በፊት ምልክት ማድረግ ይሻላል።

ደግነቱ «ቀጥሎ ምን ያድርግ» የሚለው የጋሼ ረቂቅ ውስጥ ነበር፤ ከእሳቸው ተወሰደ። «12፡30» የሚለውም አደገኛ ሆኖ ተገኘ፤ ለእረፍት ከቨርጂኒያ የመጣ ያገራችን ሰው እኩለ ቀን መስሎት፣ ጓዶቹ ተመልሰው ሽሮ እየበሉ ሳለ መገናኛ ሊቆም ይችላል። «ጠዋት» ተጨመረ። ቦታ ስለተረፈ ለአክስቴም «የእንጦጦ ልጅ» ተመለሰላት፤ ይህን የወሰነው ግን ስሜት ነው። መመዘኛው የጎደለውን እንጂ የሚያምረውን አያውቅም። የተለጠፈው ይህ ነው፦

«የእንጦጦ ልጅ ነኝ። የካ ዋሻ ሚካኤልንና እንጦጦን በእግር አስጎበኛለሁ። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት 12፡30 ከመገናኛ እንነሳለን። በአማርኛና በእንግሊዝኛ። ለመመዝገብ በቴሌግራም ጻፉልኝ።» 114 ፊደል።

ጋሼ የጥያቄዎቹን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። በሳምንቱ የእድሩ ማስታወቂያ ላይ ጣታቸውን እያሳረፉ ሲያነቡ ደረስኩ፤ አስቸኳይ ስብሰባ ይላል፣ ቀኑም ሰዓቱም አለ። «የት?» ብለው ጸሐፊውን አፋጠጡት።

«ጋሼ፣ ቦታውንማ ሁሉም ያውቀዋል!» አለ።