ገመዱን የበጠሰው ምልክት

የኒውተንን ሕጎች የሚያስረዳ ስላይድ ሲታይ ያምራል። ሳጥኑ ሰማያዊ ነው፤ ቀዩ ቀስት ከጎን እየተንሸራተተ ይገባል፣ አረንጓዴው ከላይ ዱብ ይላል። ከዚያ ሥዕሉ ይሰወርና በሚቀጥለው ስላይድ ላይ ኢኩዌሽኑ ፕላስና ማይነሱን ይዞ ተሰልፎ ይጠብቃል። ማይነሱ ከየት እንደመጣ የሚናገር የለም። ተማሪው ይገለብጣል፣ በፈተናው ይሳሳታል፣ ከዚያም «ግድየለሽ ነህ» ይባላል። እኔ ግን ጥፋቱን የማየው በሁለቱ ስላይዶች መሐል ነው። ፕላስ የቱ ጋ እንደሆነ የምታሳይ አንዲት ቀስት እዚያ ጠፍታለች።

እንግሊዛዊው ጆርጅ አትዉድ በ1784 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸውን መሣሪያ እንውሰድ፤ ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። በፑሊ ላይ በተላለፈ ገመድ አንደኛው ጫፍ 3 ኪሎግራም፣ በሌላው ጫፍ 2 ኪሎግራም ተንጠልጥሏል። g 10 ይሁን፤ የገመዱንና የፑሊውን ክብደት እንርሳው። ፍሪ ቦዲ ዳያግራም ማለት እያንዳንዱን ዕቃ ለብቻው ነጥሎ፣ የሚያርፉበትን ኃይሎች ብቻ በቀስት መሣል ነው። ትልቁን ገመዱ በT ወደ ላይ ይስበዋል፣ ክብደቱ በ30 ኒውተን ወደ ታች ይጎትተዋል። ትንሹንም ያው T ወደ ላይ፣ 20 ኒውተን ወደ ታች። ሥዕሉ እንከን የለውም። ተማሪው ታዲያ ለሁለቱም «ወደ ላይ ፕላስ» ብሎ እንዲህ ይጽፋል፦

T − 30 = 3a
T − 20 = 2a

ሲቀናነስ a = −10 ይወጣል፣ T ደግሞ ዜሮ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ የተሳሳተ መደመርም መቀነስም የለበትም። ችግሩ ገመዱ መበጠሱ ብቻ ነው! ሁለቱም ዕቃዎች ጎን ለጎን በነፃ እየወደቁ ነው፤ ወደ ላይ መውጣት የነበረበት ትንሹም ሳይቀር። ገመድ ያገናኛቸው ዕቃዎች አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። «ወደ ላይ ፕላስ» ለሁለቱም ከሆነ የትንሹ አክስለሬሽን a ሲሆን የትልቁ −a መሆን አለበት። እንግዲያው T − 30 = −3a ብለን ስንጀምር a = 2፣ T = 24 ይወጣል። 24 ከ20 ይበልጣል፣ ስለዚህ ትንሹ ይወጣል፤ ከ30 ያንሳል፣ ስለዚህ ትልቁ ይወርዳል። መልሱን ለማመሳከር ይህ ይበቃል።

«ይህ ሁሉ ለምን? ዕቃው የሚሄድበትን አቅጣጫ ፕላስ በልና ተገላገል» የሚሉ መምህራን አሉ። ለአትዉድ መሣሪያ ያዋጣል፣ አልካድኩም። ግን ሊፍት ውስጥ እንግባ። 60 ኪሎግራም የሆነ ሰው ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ ሊፍቱ ሊቆም ሲል ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ2 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል። ጉዞው ወደ ላይ ነው፣ አክስለሬሽኑ ግን ወደ ታች። ስለዚህ N − 600 = 60 × (−2)፤ ወለሉ የሚገፋው በ480 ኒውተን ነው። «እየወጣ ነውና ፕላስ» ያለ ተማሪ 720 ያገኛል። ከእግሩ ሥር ሚዛን ቢኖር 48 ማለት ሲገባው 72 ሊል ነው፤ ሰውየው ፎቁ ላይ ሲደርስ ወፍሮ ይወርዳል። ሆዱ ግን በዚያች ቅጽበት ቅልል እንዳለው ያውቃል።

ከዚህ የባሰው g = −10 ብሎ ከጻፈ በኋላ፣ ክብደቱ ወደ ታች ነው ብሎ በmg ፊት እንደገና ማይነስ የሚያስቀምጠው ነው። ለአንድ መንገድ ለረዳቱ ሁለት ጊዜ ሒሳብ እንደመክፈል ነው። N + 600 = −120 ይሆንና N = −720 ይወጣል። ወለሉ ሰውየውን ወደ ታች እየሳበው ነው ማለት ነው። ጫማው በሙጫ ካልተጣበቀ በቀር ወለል መግፋት እንጂ መሳብ አያውቅም። አንዱን መምረጥ ነው፦ ወይ g ቁጥሩ ብቻ ይሁንና ማይነሱን ሥዕሉ ያምጣው፣ ወይ ማይነሱን g ይያዘውና ፊደሉ ፊት ሌላ አይጨመር።

ብልህ ተከራካሪ ደግሞ «አቅጣጫውን ብሳሳትም መልሱ በማይነስ ይነግረኛል፣ ገልብጬ አነበዋለሁ» ይላል። ሰበቃ ከሌለ እውነቱን ነው። በአትዉድ መሣሪያ ትንሹ ይወርዳል ብለው ቢጀምሩም a = −2፣ T ያው 24 ነው። ሰበቃ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቆሞ የነበረ 5 ኪሎግራም ሳጥን በ20 ኒውተን ወደ ቀኝ፣ በ30 ወደ ግራ ይሳባል፤ ሲንሸራተት የሚገጥመው ሰበቃ 4 ኒውተን ነው። ወደ ቀኝ ይሄዳል ብሎ የገመተ ሰው 20 − 30 − 4 = 5a ጽፎ −2.8 ያገኛል፤ ገልብጦም «ወደ ግራ 2.8» ይላል። እንዲህ ሲል ግን ሰበቃው አብሮ ወደ ግራ እየገፋለት ነው፤ ተቃዋሚ የነበረው አጋዥ ሆኗል። ሥዕሉን እንደገና ሥሎ የሰበቃውን ቀስት ወደ ቀኝ ሲያዞር 30 − 20 − 4 = 5a ይሆናል፣ መልሱም 1.2።