ምናምኑ ስንት ነው?

የመታጠቢያ ቤታችን ውሃ ከማፍሰሻው ይልቅ በሩን ይወዳል። ሰው ታጥቦ ሲወጣ ውሃውም አብሮት ይወጣል፤ ወደ ሳሎን ይሸኘዋል። በሩ ሥር የተጋደመች አሮጌ ፎጣ አለች። እንግዳ ሲመጣ እናነሳታለን፣ ሲሄድ እንመልሳታለን። ሽታውንም አልረሳሁትም፤ ጠዋት ጠዋት ከወለሉ ቀዳዳ ተነስቶ ባለቤቴ የምትቆላውን ቡና ያሸንፋል። የዲላን ቡና የሚያሸንፍ ሽታ ምን ዓይነት እንደሆነ አንባቢ ይገምት።

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ሲጀምር ውጭውም ውስጡም እኩል ረጠበና «በቃ፣ ይታደስ» ተባለ።

እኔ ዕድሜዬን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የጨረስኩ ሰው ነኝ። ሦስት ፕሮፎርማ ሳይሰበሰብ እስክርቢቶ እንኳ አይገዛም ብዬ የማምን ነኝ። ስለዚህ ሦስት የቧንቧ ባለሙያዎች አፈላልጌ ለሦስቱም እንዲህ ብዬ በስልክ ጻፍኩ፦ «ሰላም ነው? ባኞ ቤት ላሳድስ ነበር። ከነምናምኑ ስንት ይፈጃል?»

ሦስቱም በየተራ መጡ። አንዱ፣ ወጣቱ፣ ከበሩ ላይ ቆሞ አየና ሄደ። አንዱ ሜትር ይዞ ገብቶ ስልክ ተደወለለትና ሜትሩን ረስቶ ወጣ። ሦስተኛው፣ ሸምገል ያሉት፣ ጎንበስ ብለው ቀዳዳውን አሸተቱና «እህ» ብለው ብቻ ሄዱ። ማታ ዋጋው መጣ፦ 70 ሺህ፣ 165 ሺህ፣ 290 ሺህ ብር።

ባለቤቴ «ባለ 70ው!» አለች። የመሥሪያ ቤቴም ደንብ ከእሷ ጋር ነበር። ጎረቤታችን ግን፣ ቡና ነጋዴው፣ ሲኒውን እንደያዘ ጠየቀኝ።

«አንተ፣ ሰው መጥቶ ‹ቡና ስንት ነው?› ቢልህ ምን ትለዋለህ?»

«እሸት ነው፣ ጀንፈል ነው፣ የታጠበ ነው እለዋለኋ።»

«ታዲያ የባኞ ቤትህን ዋጋ በምን ተጠየቁ?»

ዝም አልኩ። በጌዴኦ ምድር የኖረ ሰው ይህን እንዴት ይስታል? አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት አምስት ስድስት ኪሎ እሸት ይፈጃል። የእሸት ዋጋ የሰማና የንጹሕ ቡና ዋጋ የሰማ ሁለት ሰዎች ማን ረከሰ ብለው ቢከራከሩ ዲላ ሁሉ ይስቅባቸዋል። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ስከራከር ማንም አልሳቀብኝም።

በነጋታው ለሦስቱም ደወልኩ። ባለ 70 ሺሁ የተናገረው የእጅ ዋጋውን ብቻ ነበር፤ ሴራሚኩም፣ ቧንቧውም፣ ሲሚንቶውም በእኔ ነው። ባለ 165ቱ ከነዕቃው ነው ያሉት፣ ግን አሮጌዎቹ ቧንቧዎች ባሉበት ይቀራሉ፤ ሴራሚኩም ግድግዳው ላይ ሜትር ተኩል ደርሶ ይቆማል። ባለ 290ው ሁሉንም አፍርሶ፣ ሴራሚኩን ኮርኒስ አድርሶ፣ እኔ በሕልሜም ያላየሁትን የመስታወት ሻወርና ቅጽበታዊ ማሞቂያ ጨምሮልኛል። ሦስቱም አልዋሹም። ሦስት ባኞ ቤት አስልተዋል፤ አንዱም የእኔ አይደለም።

ምናምንንም ጠየቅሁ፤ ቃሉ የእኔ ነው፣ ዋጋው ግን የእነሱ። ለባለ 70 ሺሁ ምናምን ማለት ቴፍሎንና ሲሊኮን ነው። ለባለ 165ቱ ፍርስራሹን ጭኖ መጣል ነው። ባለ 290ው ጥቂት አሰበና «ምናምን … ምናምን ነዋ!» አለኝ። ቃሉን ከቤቴ ለማባረር የወሰንኩት ያኔ ነው።

ልጄ የሜትሩን ጫፍ ያዘችልኝ፤ የተረሳው ሜትር ከዚህ በላይ አገልግሎት አልሰጠም። ክፍሉ 2.40 በ1.60 ሜትር፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ 2.50 ሆነ። አራቱ ግድግዳዎች ዙሪያቸው 8 ሜትር ነው። ሴራሚኩ እስከ በሩ ቁመት፣ 2.10 ድረስ ይምጣ ካልኩ 16.8 ካሬ፤ ሰማንያ ሳንቲ ስፋት ያለው በር ሲቀነስ 15 ካሬ ገደማ። ወለሉ 3.84። ድምሩ 19 ካሬ፤ ለቁርጥራጭና ለስብራት አንድ አሥረኛ ሲጨመርበት 21። እዚህ ላይ ነገሩ ተገለጠልኝ፦ ሜትር ተኩል ላይ የቆመው ሰው ከወለሉ ጋር 14.6 ካሬ ነው የሚለጥፈው፤ ኮርኒስ የደረሰው ከ22 ካሬ በላይ። ርካሽና ውድ ያልኳቸው ሰዎች ከፊሉ ልዩነታቸው ግድግዳ ነበር።

ከዚያ ደብዳቤውን ጻፍኩ። ለቧንቧ ሠራተኛ እንዲህ ረጅም ነገር የጻፈ ሰው ዲላ ውስጥ መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ባለቤቴ «የጡረታ ማመልከቻ ነው?» ብላኛለች።

«ጤና ይስጥልኝ። ይህ መልእክት ለሦስት ባለሙያዎች ቃል በቃል አንድ ሆኖ ተልኳል። የክፍሉ ልክና የሴራሚኩ ቁመት ከላይ ተጽፈዋል፤ መጥተው ቢለኩት ደስ ይለኛል። አሮጌው ሴራሚክና የወለሉ ሊሾ ይፈርሳል፤ ፍርስራሹን ጭኖ መጣል የእርስዎ ነው። ሴራሚኩን፣ መቀመጫውን፣ የእጅ መታጠቢያውንና የሻወሩን ሚክሰር እኔ እገዛለሁ። ቧንቧውን፣ መገጣጠሚያውን፣ ሲሚንቶውን፣ አሸዋውንና ማጣበቂያውን እርስዎ ያቀርባሉ። የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ ለየብቻ ይጻፍልኝ።»

ዕቃውን እንዲህ የከፈልኩት ምክንያት አለኝ። አንዱ የሚያስበው ሚክሰርና ሌላው የሚያስበው ሚክሰር የዋጋ ልዩነታቸው አንድ ሰው የሚያስቀጥር ነው። የሚታየውንና የሚመረጠውን እኔ ከያዝኩት ለውድድር የሚቀረው ሙያው ነው።

«ወለሉ ከበሩ ወደ ማፍሰሻው በየሜትሩ አንድ ተኩል ሳንቲ ይውረድ። የወለሉ ማፍሰሻ ሲፎን ይኑረው።» ስለ ሲፎኑ ቀድሜ ምርመራ አድርጌያለሁ። ሲፎን ማለት ታጥፎ በሆዱ ውሃ የሚይዝ ቱቦ ነው፤ ሽታውን የሚያግደው ያ አምስት ሳንቲ ያህል ውሃ ነው። ቀዳዳው ውስጥ አንድ ባልዲ ውሃ ደፋሁ። ሽታው ጠፍቶ ከሰነበተ ሲፎኑ አለ፣ ደርቆ ነበር ማለት ነው፤ ባልዲ በመድፋት ይታከማል። የእኛው ግን ባልዲው ሳይደርቅ ተመለሰ። ሲፎን የሚባል ነገር ፈጽሞ አልነበረም። ለካ ሽማግሌው «እህ» ያሉት ይህንን ኖሯል።

«ውሃችን ከሮቶ ነው የሚወርደው። የሮቶው ታች ከሻወሩ ራስ ሦስት ሜትር ከፍ ይላል።» ይህን ዓረፍተ ነገር ማንም አልጠየቀኝም፤ ግን ያለ እሱ ዋጋ ሁሉ ግምት ነው። አንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት ከባር አንድ አሥረኛ ነው፤ እኛ ሦስት አሥረኛ ብቻ አለን። የመስመር ውሃ ደግሞ በእኛ ሰፈር ደስ ሲለው የሚመጣ ዘመድ ነው። ባለ 290ው ያሰበው ቅጽበታዊ ማሞቂያ ግፊት አነስተኛ ሲሆን ጨርሶ ላይበራ ይችላል፤ ቀዝቃዛ ሻወር በውድ ዋጋ ልገዛ ነበር።

«ከሴራሚኩ በፊት ወለሉና የሻወሩ ጥግ ውሃ የማያሳልፍ ቅብ ይቀባ፤ ግድግዳው ላይ 20 ሳንቲ፣ ሻወሩ ጋ እስከ ሴራሚኩ ጫፍ። ቅቡ ሲደርቅ ማፍሰሻው ተደፍኖ ወለሉ ላይ ውሃ ይተኛል፤ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይቆያል። ወለሉ ሲፈርስ ከሥሩ ምን እንደምናገኝ ማናችንም ስለማናውቅ፣ ለተጨማሪ አንድ ሜትር ባለ 110 የፍሳሽ ቱቦ ቆፍሮ መቅበር ስንት እንደሆነ ከአሁኑ ይጻፉልኝ። ክፍያው ሲጀመር 30 በመቶ፣ ቧንቧው በግፊት ተፈትኖ ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት 40፣ ሲያልቅ 30።»

ከሥር ለሚገኘው ነገር ዋጋ መጠየቄ ከሁሉ የኮራሁበት ነው። ቀዳዳ ተከፍቶ፣ ቤተሰቡ ጎረቤት እየታጠበ፣ ሠራተኛው ወገቡን ይዞ «አባባ፣ ይኼ እኮ በስብሷል» ሲል የሚደረግ ክርክር ክርክር አይደለም፤ እጅ መስጠት ነው።

መልሱ መጣ። ወጣቱ «ኦኬ» ብሎ ቁጥር ጻፈ፦ 128 ሺህ። ሁለተኛው ዶሮ የሚጮህበት የአራት ደቂቃ ድምፅ ላከ፤ ከዶሮው ሥር 151 ሺህ የሚል ሰማሁ። ሽማግሌው በደብተር ወረቀት አስልተው ፎቶ አንስተው ላኩ፦ 139 ሺህ፤ ከታችም አንድ ጥያቄ፦ «በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ?»

ወደ ውስጥ ነው። ከበሩ እስከ ማፍሰሻው ሁለት ሜትር ነው፤ ወለሉ እኔ ባልኩት ልክ ከወረደ የበሩ በኩል ሦስት ሳንቲ ከፍ ይላል፤ በሩ ወለሉን ይልሳል። ይህን ሁሉ ጽፌ በሩን ረስቼ ነበር። ለሦስቱም «የበሩ ታች ይቆረጥ፣ ዋጋው ይጨመር» የሚል ማረሚያ ላክሁ። ለአንዱ ብቻ ብነግር ኖሮ ደግሞ ሁለት ባኞ ቤት ይኖረኝ ነበር።

የወጣቱን 128 ሺህ ስመረምር ቅቡ የለበትም። ደወልኩለት። «አታስብ፣ ሲሚንቶው ይበቃል» አለኝ። ሲሚንቶ ውሃ ቢያቆም ኖሮ ያቺ ፎጣ ከበራችን ሥር ምን ትሠራ ነበር? ቅቡን ሲጨምር 137 ገባ። ሥራውን ለሽማግሌው ሰጠሁ፤ የሁለት ሺህ ብር ልዩነት የበሩ ጥያቄ ዋጋ ነው።

ወለሉ ሲፈርስ ሁለት ሜትር ተኩል ቱቦ በስብሶ ተገኘ። ማንም ወገቡን አልያዘም፤ ወረቀቱን አይተን አባዛን። ቅቡ ደርቆ ውሃው በተኛበት ሌሊት ግድግዳው ላይ በእርሳስ መስመር አሰመርኩና ሦስት ጊዜ ባትሪ ይዤ ተነሳሁ። ባለቤቴ «ጥጃ ነው እንዴ የምትጠብቀው?» አለችኝ። ጠዋት ውሃው መስመሩ ላይ ነበር።

ጎረቤቴ ሥራውን አይቶ ቀናና መልእክቱን ለመነኝ፤ ላክሁለት። በሳምንቱ በደስታ እየሮጠ መጣ። «አንተ፣ ይገርምሃል! ሦስቱም ዋጋ ላኩ፤ የእኔማ ከአንተም ይበልጥ ይቀራረባል!»

«የአንተ ክፍል ስንት በስንት ነው?»

«አንድ ሜትር ከሃያ በአንድ ሃምሳ።»

«መልእክቱ ላይ ቀይረኸዋል?»

ስልኩን አውጥቶ አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«ግን አየህ» አለ፣ «ይቀራረባል።»