ስሙ ምንም ካልሆነ ስጡኛ!

«ደሞዝሽን አስተካክለናል፤ የመደቡ ስም ምን ያደርግልሻል?»
«ምንም ካላደረገልኝ ለምን ሰሰታችሁ?»

ልጅቷ የኦጎልቾ ናት እንበል። ዝዋይ ዱግዳ ውስጥ ከስንዴ ዘር አባዥ ገበሬዎች ጋር ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። አሰላ ያለ የግል ድርጅት አሁን የምታገኘውን 32,000 ብር አቀረበላት፤ መደቡ ግን «ጀማሪ የዘር ባለሙያ» ነው።

«ደሞዙ እኩል ነው እኮ!»
«የደረጃው ጣሪያስ ስንት ነው?»

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። የጀማሪ ደረጃ ከ22,000 እስከ 33,000 ከሆነ፣ ጣሪያው ላይ ለመድረስ የቀራት 1,000 ብር ብቻ ነው። ዓመታዊ ጭማሪው አሥር በመቶ ቢሆን 3,200 ይደርሳት ነበር፤ ጣሪያው ግን 1,000 ላይ ያቆማታል፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ምንም የለም። የከፍተኛ ባለሙያ ደረጃ ከ30,000 እስከ 45,000 ከሆነ ያው 32,000 እዚያም ይገባል። ስለዚህ ድርጅቱ ዛሬ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር መደቡን ማስተካከል ይችላል።

«ያንቺ ልምድ የገበሬ ማሳ ነው፤ የኛ ይለያል።»
«መሥራች ዘር በዋጋው ገዝታችሁ ጆንያው ላይ ‹እህል› ብትሉበት፣ ቀጣዩ ገዢ በምን ያውቀዋል?»

መልሷ ልክ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ፣ በአዋጅ 1156/2011፣ ሠራተኛ ሲለቅ የሠራው የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑና ደሞዙ የሰፈረበት ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ያ ወረቀት «ጀማሪ» ካለ፣ «በከፍተኛ ባለሙያነት ሦስት ዓመት የሠራ» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ዘጠኙ ዓመት ላይ እዚህ የጨመረችው ጊዜ አይቆጠርላትም። ለመከራከር ደግሞ የዓመት ቁጥር ብቻ አይበቃም፤ ስንት ሄክታር ማሳ እንደተከታተለች፣ ከዝርያው ውጭ የሆነውን ስንዴ ማን እንዳስነቀለ፣ የስንት ሰው ሥራ ላይ እንደፈረመች ትዘርዝር።

«ገብተሽ ታድጊያለሽ።»
«ቀኑንና መመዘኛውን ይጻፉልኝ!»

በሕጉ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። «ሙከራውን ስታልፊ መደብሽ ከፍተኛ ባለሙያ ይሆናል» የሚል ዓረፍተ ነገር በቅጥር ደብዳቤው ላይ ከገባ፣ ቃል የሰጠው ሰው ድርጅቱን ቢለቅም ወረቀቱ ይናገርላታል። ይህ የሚጠየቀው ከመፈረም በፊት ነው፤ ከፈረሙ በኋላ ድርጅቱን የሚያስቸኩለው ነገር የለም።

ቀጣሪው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ መደቡና ደረጃው በጸደቀ መዋቅር ስለተወሰነ ቃለ መጠይቅ ያደረገላት ሰው ሊቀይረው አይችልም። እዚያ የሚሻለው ከፍ ያለ ክፍት መደብ መኖሩን ጠይቆ በዚያ መወዳደር ነው።

«ከፍተኛው ባለሙያ የሚሠራው እኔ የማልሠራው ምንድን ነው?» ብላ ትጠይቅ። በዝርዝር ልዩነት ካሳዩዋት፣ አዲስ ነገር ልትማር ነውና ጀማሪነቱን ብትቀበል አግባብ ነው። ሥራው አንድ ሆኖ ስሙ ብቻ ካነሰ ግን አትፈርም።