ቲቸር፣ ቤንዚን አንሶታል

ከሚሴ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አየር በጠባብ ቦታ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ግፊቱም ይወርዳል እያልኩ በየዓመቱ ሰሌዳ እሞላለሁ። ለምሳሌነት የምስለው ደግሞ ካርቡሬተር ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጥፋቴን አላዋቂነት ላይ እንዳላላክክ ነው።

ሞተር ሳይክሌ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ጨዋ ነበረች። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ጎረምሶቹ ሲያልፉ ዞር ብለው እንዲያዩኝ አማረኝ። ደሴ ወጥቼ አጭር፣ ሆዱ ባዶ የሆነ ማርሚታ አስገጠምኩ። የድሮውን ለቆራሌው ሸጥኩት። ቁልቁል ወደ ከሚሴ ስመለስ ጋዙን ለቀቅ ባደረግኩ ቁጥር ከኋላዬ “ጧ! ጧ!” ትል ጀመር። ጉልበት መሰለኝ። እንዲያውም ሆን ብዬ እደጋግመው ነበር።

በሳምንቱ የአጎቴን ልጅ አፈናጥጬ ከሐርቡ ወደ ኮምቦልቻ አቀበቱን ስወጣ ሞተሯ መንገድ ላይ ከዳችኝ። ጋዝ ስሰጣት ትንተፋተፋለች፣ ከዘይቱ የቃጠሎ ሽታ ይመጣል፣ ከቴስታታው የሚወጣው ሙቀት ጉልበቴን ይጠብሰዋል። የአጎቴ ልጅ ወርዶ ገፋ፤ እኔ መሪ ይዤ አብሬው የምገፋ መሰልኩ።

ከሚሴ ያለው መካኒክ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ፊዚክስ ላይ ስንት እንደሰጠሁት ሁለታችንም እናስታውሳለን፤ አላነሳነውም። አስነሥቶ ዞር ዞር አለባትና ቾኩን ትንሽ ሳብ አደረገ። መንተፋተፏ ወዲያው ቆመ። “ቲቸር፣ ቤንዚን አንሶታል” አለኝ። ቾክ አየሩን ሲያንቀው ድብልቁ ይወፍራል፤ የሞቀ ሞተር በዚህ ከተሻለው ሲራብ የነበረው ነዳጅ ነው ማለት ነው። ካንዴላውን ፈታው። ፈዛዛ ቡናማ መሆን የነበረበት ሸክላ እንደ ጠመኔ ነጭ ሆኗል።

“አብሽር፣ ማርሚታ ብቻውን እንዲህ አያደርግም። ሌላ ምን ነካካህ?”

“ምንም” አልኩ። ፊልትሮውን ከፈተ፤ ባዶ ነው። ትንፋሽ ይስፋላት ብዬ እኔው ነበርኩ ያወጣሁት።

እንግዲህ የተደረገው ይህ ነው። ጠባቡ ማርሚታ የተቃጠለውን ጭስ በከፊል ሲሊንደሩ ውስጥ ያስቀር ነበር። ክፍቱ ሲጠርገው በቦታው ተጨማሪ አየር ገባ። አየር ሲጨምር የሚሳበው ቤንዚንም ይጨምራል፤ ግን ጄቱ የተመረጠው ለፋብሪካው ማርሚታ ስለሆነ እኩል አይከተልም። የፋብሪካው ልክም ብዙ ጊዜ ከመነሻው ወደ ቀጭኑ ያደላል። ፊልትሮው ደግሞ አየሩን ትንሽ በመያዙ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለውን ስበት ያበረታ ነበር። እሱን ሳወጣ አየሩ በዛ፣ ቤንዚኑን የሚስበው ኃይል ግን ደከመ። በዚህ ላይ ማርሚታውን ያስገጠምኩት 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከሚሴ 1,400 ሜትር አካባቢ ናት። ቆላው ቢሞቅም አየሩ ከደሴው የወፈረ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ደህና የመሰለው ድብልቅ እዚህ ሲደርስ ቀጠነ።

አንድ ኪሎ ቤንዚንን 14.7 ኪሎ አየር ሙሉ በሙሉ ያቃጥለዋል፤ አቀበት ላይ ጉልበት የሚገኘው ግን ወደ 13 ሲጠጋ ነው። ከዚያ ሲቀጥን እሳቱ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ የጭስ ማውጫው ቫልቮላ ሲከፈትም ገና አላለቀም። ሲተን የሚያቀዘቅዝ ትርፍ ቤንዚንም የለም። ሙቀቱ በቫልቮላውና በቴስታታው ላይ ያርፋል። በነፋስ ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር፣ ሁለት ሰው ጭኖ አቀበት ላይ ሲያዘግም፣ ነፋሱም የለውም። የኮራሁበት “ጧ ጧ” ደግሞ ሲሊንደር ውስጥ ሳይነድ ያመለጠ ቤንዚን በጋለው ቱቦ ውስጥ ሲፈነዳ ነበር።

እኔ ወደ መካኒኩ ከመሄዴ በፊት ሚኒሞውን ከፍ በማድረግ “አስተካክዬው” ነበር። ያ ብሎን ቆማ እንዳትጠፋ ያደርጋል እንጂ አቀበት ላይ ለሚያስፈልገው ቤንዚን ምንም አይጨምርም።

መካኒኩ መጀመሪያ የማርሚታውን አፍ በጨርቅ ይዞ መጋጠሚያው ላይ ጭስ የሚያፈስ መሆኑን አዳመጠ፤ እዚያ የሚገባ አየርም ያንኑ ፍንዳታ ያመጣልና። ደህና ነበር። አዲስ ፊልትሮ አስገባ፣ የካርቡሬተሩን መርፌ አንድ እርከን ከፍ አደረገ፣ 110 የሚለውን ዋና ጄት በ115 ለወጠ። አምስት ቁጥር ምን ይለውጣል ብዬ ልከራከር ስል ራሴን ያዝኩ፦ ቁጥሩ የቀዳዳው ዲያሜትር ከሆነ ስፋቱ በ9 በመቶ ገደማ ያድጋል። ይህንንም አስተምራለሁ። ከጥቂት ቀን በኋላ ካንዴላው ቡናማ ሆኖ ወጣ።

የድሮው ማርሚታ ግን ከቆራሌው ጋር ሄዷል፤ ጩኸቱ ቀረልኝ። ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤቱ በር ሳልደርስ ተማሪዎቼ ቦታቸውን ይዘው፣ ደብተር ገልጠው ይጠብቁኛል።